ከመጥረጋችሁ በፊት መልኩን እዩት

ቤት ውስጥ ሰው ሲያስመልስ መጀመሪያ የሚፈለገው መወልወያ ነው። አንዱ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው መስኮት ይከፍታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወለሉ ንጹሕ ይሆናል። ድንገተኛ ክፍል ሲደረስ ደግሞ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንኑ ተጠርጎ የተደፋውን ነገር ነው፦ «መልኩ ምን ይመስል ነበር?» አስታማሚዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ «ጥቁር ነገር» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ የበላው ነው» ይላል። ጥያቄው ለወግ ያህል የሚቀርብ አይደለም። በሽተኛው ዛሬ ሌሊት ኢንዶስኮፒ፣ ደም ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ የሚጠቁመው የመጀመሪያው ፍንጭ እሱ ነው።

አብዛኛው ትውከት ከባድ ነገር አይደለም። የተበላሸ ምግብ፣ የእርግዝና የመጀመሪያ ወራት፣ የመኪና ጉዞ፣ የሆድ ኢንፌክሽን፣ ሁሉም ያስመልሳሉ፤ የሚወጣውም ምግብ ወይም ምራቅ የመሰለ ውሃ ነው። ልዩ ትኩረት የሚሹት ሦስት መልኮች ናቸው፦ የቡና አተላ የመሰለ፣ ቀይ ደም ያለበት እና አረንጓዴ። ሦስቱን ለመረዳት ሁለት ፈሳሾችን ማወቅ በቂ ነው። አንዱ የጨጓራ አሲድ ነው፤ ደም ካገኘ መልኩን ይለውጠዋል። ሁለተኛው ሐሞት ነው። ጉበት ያመነጨዋል፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ወዳለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይፈስሳል። ስለዚህ ትውከት ውስጥ ሐሞት ከታየ፣ የመጣው ከጨጓራ በታች ነው ማለት ነው።

የቡና አተላ የመሰለው

ደም ጨጓራ ውስጥ ሲቆይ አሲዱ ቀዩን ሄሞግሎቢን ይሰብረዋል። ቀይነቱ ጠፍቶ ጥቁር ቡናማ ይሆናል፣ ረግቶም ጥቃቅን ፍርፋሪ ይሠራል። ከጀበና ሥር የሚቀረውን አተላ ለሚያውቅ ሰው ምስሉ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ትውከት ሁለት ነገር ይናገራል። ከላይኛው የምግብ መተላለፊያ የሆነ ቦታ ደም ፈሷል፤ ደሙ ደግሞ ወዲያው አልወጣም፣ ጨጓራ ውስጥ ጊዜ አሳልፏል። በዚህ የተነሣ ከደማቅ ቀይ ደም ይልቅ የዘገመ መድማትን ያመለክታል። የዘገመ ማለት ግን ቆሟል ማለት አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ምሳሌ እናስብ። ዕድሜያቸው 58 የሆነ ግንበኛ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝተው ለሦስት ሳምንት በቀን ሁለቴ ዋጡ። ሆዳቸውን አላመማቸውም። አንድ ማታ አቅለሸለሻቸውና አንድ ኩባያ የሚሆን ጠቆር ያለ፣ ፍርፋሪ ያለበት ነገር አስመለሱ። ባለቤታቸው ከሰዓት በኋላ የጠጡት ቡና ነው ብለው አሰቡ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሡ ዓይናቸው ጨለመ፣ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ሲጠየቁ ደግሞ ሰገራቸው ከሁለት ቀን ጀምሮ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ክፉ የሚሸት ሆኗል። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ቀዝቅዟል።

እያንዳንዱ ነጥብ ትርጉም አለው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ጨጓራ ከገዛ አሲዱ ራሱን የሚከላከልበትን ንፍጣማ ሽፋን ያሳሳሉ። ይህን የሚያደርጉት ጨጓራ ውስጥ በመሟሟት ብቻ ሳይሆን በደም በኩልም ስለሆነ፣ በመርፌ መወጋትም ከጉዳቱ አያድንም። ከምግብ ጋር መውሰድም ቢሆን ሙሉ መከላከያ አይሆንም። መድኃኒቱ ሕመም ማስታገሻ እንደመሆኑ የጨጓራውን ቁስል ስሜትም ሊሸፍነው ይችላል። ለዚህ ነው የአንዳንድ ሰው ቁስለት መኖሩ የሚታወቀው ከደማ በኋላ የሚሆነው። በአገራችን ብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም ያንኑ ሽፋን ይጎዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ይጨምራል።

ጥቁሩ ሰገራ ሁለተኛው ምስክር ነው። ከላይ የፈሰሰ ደም ወደ ታች ሲወርድ በአንጀት ውስጥ ተለውጦ እንደ ሬንጅ ጥቁርና አጣባቂ ይሆናል። ለዚህ ብዙ ደም አያስፈልግም፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ የሚያህል ይበቃል። የብረት እንክብል የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ እርጉዞች፣ ሰገራቸው ይጠቁራል፤ እሱ ግን እንደ ሬንጅ አያጣብቅም፣ ያን ለየት ያለ ክርፋትም የለውም።

የዓይን መጨለሙ ደግሞ የጠፋው ደም መጠን መልእክት ነው። አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ወደ 5 ሊትር ደም አለው። ሲጎድል ልብ በፍጥነት በመምታት ለማካካስ ይሞክራል፤ የደም ግፊቱ ጋደም ባለ ሰው ላይ በግልጽ የሚወርደው ግን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ «ግፊቱ ደህና ነው» መባሉ ብቻውን አያረጋጋም። ተቀምጦ ያረፈ ሰው የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲነሣ የሚያዞረው ከሆነ አካሉ እየታገለ ነው።

የደም ምርመራውም በመጀመሪያው ሰዓት ሊያታልል ይችላል። ሰውዬው ሆስፒታል ደርሰው ሄሞግሎቢናቸው 12.5 ሆነ እንበል። ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ ደም ሲፈስ ቀይ ሕዋሱም ውሃውም አብረው ስለሚወጡ፣ የቀረው ደም መጠኑ ያንሳል እንጂ አይቀጥንም። የሚቀጥነው ከሰዓታት በኋላ፣ ሰውነት ውሃ ሲተካ ወይም በክንድ ፈሳሽ ሲሰጥ ነው። በማግስቱ ጠዋት ያው ምርመራ 8 ቢያሳይ በሌሊቱ ብቻ ፈሰሰ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ የጠፋው አሁን ታየ ማለት ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ደጋግመው ደም የሚቀዱት ለዚህ ነው።

በሆስፒታል በሁለቱም ክንድ ሰፋ ያለ መርፌ ይገባል፣ ፈሳሽ ይሰጣል፣ የደም ዓይነት ይታወቃል፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ በደም ሥር ይጀመራል። ደም መስጠት የሚጀመረው በአብዛኛው ሄሞግሎቢን ከ7 ሲያንስ ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት ወይም በኃይል እየደማ ያለ ሰው ቀደም ብሎ ይሰጠዋል። ከዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒ ይደረጋል። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ቁስሉን ይፈልጋል፤ እየደማ ያለ ወይም የተጋለጠ የደም ሥር ከተገኘ በዚያው ቱቦ መድኃኒት ይወጋል ወይም በትንሽ ብረት ይቆነጠጣል። የግንበኛው ቁስል ጨጓራና ትንሹ አንጀት ከሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ እንበል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማስታገሻውን ማቆም፣ ኤች ፓይሎሪን መመርመርና ከተገኘ ማከም ነው። ይህ ካልተደረገ ቁስሉ ተመልሶ ይደማል።

ኢንዶስኮፒ በየጤና ጣቢያው የለም። ስለዚህ በሩቅ ከተማ ያለ በሽተኛ የመጓጓዣውን ጊዜ ከሰዓቱ ላይ መቀነስ አለበት። «ይነጋና እናያለን» የሚለው ውሳኔ በትልቅ ከተማ ያለን ሰው ለጥቂት ሰዓታት ያዘገየዋል፣ በገጠር ያለውን ግን አንድ ሙሉ ቀን።

የቡና አተላ መልክ ሁልጊዜ ደም አይደለም። እውነተኛ ቡናም እንዲህ ሊመስል ይችላል። አንጀቱ የተዘጋ ሰው በመጨረሻ የሚያስመልሰው ቡናማ ፈሳሽም ያሳስታል፤ እሱ ግን የሰገራ ሽታ አለው፣ ሆድም ተነፍቶ ይታያል። ቤት ውስጥ ሆኖ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ሕጉ ቀላል ነው፦ አተላ የመሰለ ትውከት ያየ ሰው በዚያው ዕለት ይታይ። ጥቁር ሰገራ፣ ማዞር፣ ላብ ወይም ፈጣን የልብ ምት ከተጨመረበት ደግሞ በዚያው ሰዓት።

ቀይ ደም

ቀይ ሆኖ የወጣ ደም አሲዱ ሊለውጠው ጊዜ አላገኘም። ይህ ማለት ወይ መድማቱ ፈጣን ነው፣ ወይ ደሙ ከጨጓራ በላይ የመጣ ነው። የረጋ ቁራጭ ያለበት ወይም ከአንድ ኩባያ በላይ የሆነ ቀይ ደም ክርክር የለውም፦ አምቡላንስ ይጠራል።

በኢትዮጵያ የዚህ ኃይለኛ መድማት አንዱ ምንጭ ጉበት ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ የሚሄደው በጉበት በኩል አልፎ ነው። ጉበት በሄፓታይተስ ቢ፣ በመጠጥ ወይም በቢልሃርዚያ ጠባሳ ሲሞላ መንገዱ ይጠብባል። ደሙ ሌላ መውጫ ፍለጋ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ወዳሉት ቀጫጭን ደም መልሶች ይገፋል፤ እነሱም ያብጣሉ። አንድ ቀን አንዱ ይፈነዳል። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች አካባቢ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ሲቆይ ይህን ያደርጋል፤ ሰውየው ጣፊያው አድጎ፣ ሆዱ ከፍ ብሎ ለዓመታት ይኖርና የመጀመሪያው ትልቅ ምልክት ደም ማስመለስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ያንን ለሐኪሙ ወዲያው መናገር አለበት። ሕክምናው ከቁስለት ይለያልና፦ በደም ሥር የሚሰጥ ግፊት ቀናሽ መድኃኒትና ፀረ ተሕዋስያን ይጀመራል፣ በኢንዶስኮፒም ያበጠው ሥር በላስቲክ ይታሰራል።

የተሻለ ተስፋ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ደጋግሞ በኃይል ካማጠ በኋላ ደግሞ ቀይ ደም ያስመልሳል። በኃይል ሲያምጥ ጨጓራና የምግብ ቧንቧው የሚገናኙበት ስስ ሽፋን ይሰነጠቃል። ሲበዛ ከጠጡ በኋላ ወይም በእርግዝና ማስመለስ ወቅት ይታያል፤ አብዛኛውም ራሱ ይቆማል። ስለዚህ «ደሙ መቼ መጣ? ከመጀመሪያው ነው ወይስ ካስመለሰ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያበራል። መታየቱ ግን አይቀርም። ድንገት ኃይለኛ የደረት ሕመም ከተከተለ ቧንቧው ራሱ ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል ለደቂቃ አይጠበቅም።

ከገጠር የሚመጣ አንድ ምክንያት ደግሞ የከተማ ሰው አያስበውም፦ አልቅት። ከምንጭ ወይም ከኩሬ የጠጣ ልጅ ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ ለቀናት ደም ታስተፋለች። ከሳል ጋር የሚመጣ አረፋማ ደማቅ ደምም ከጨጓራ ሳይሆን ከሳንባ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን ማሰብ ይገባል። ከአፍንጫ ነስር የተዋጠ ደምም ይመለሳል፤ ከመጥባት የተነሣ የቆሰለ የእናት ጡትም ሕፃኑን ደም ያስመልሰዋል።

ሐሰተኛ ቀይም አለ። በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ቀይ ሥር፣ ቀይ ሽሮፕና ባለቀለም ለስላሳ መጠጥ ብዙ ቤተሰብ አስደንግጠዋል። የበሉትን ማስታወስ ይረዳል። በርበሬ ዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ ደም ይረጋል።

አረንጓዴ

ሦስተኛው መልክ ብዙም አያስደነግጥም፤ ደም የለበትም። ነገር ግን በአንድ የዕድሜ ክልል ከሁለቱም በላይ አጣዳፊ የሚሆነው እሱ ነው።

አዋቂ ሰው ደጋግሞ ሲያስመልስ ጨጓራው ባዶ ይሆንና ሐሞት ወደ ላይ ይመለሳል። ቢጫ፣ መራራ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ነው። «ሐሞቴ ወጣ» የምንለው ይኸው ሲሆን ብቻውን አያስፈራም፤ ጎመን የበላ ወይም ጫት የቃመ ሰውም አረንጓዴ ያስመልሳል። አዋቂ ላይ የሚፈርደው መልኩ ሳይሆን ሆዱ ነው። ሆድ ከተነፋ፣ ሕመሙ መጥቶ ሄዶ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሰገራም ፈስም አልወጣ ካለ አንጀት ተዘግቷል ማለት ነው። ቀድሞ ሆዱን የተቀደደ ሰው ላይ የቀድሞው ጠባሳ አንጀቱን አጣብቆት ይሆናል፤ ብሽሽት ላይ ያለ ቡአ አልመለስ ብሎ ጠንክሮ የሚያምም ከሆነም ምንጩ እሱ ነው። የአንጀት መታጠፍም አለ። ሁሉም ቀዶ ሐኪም የሚያይባቸው ናቸው፤ ማስቀመጫ መድኃኒት መውሰድ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል።

አራስ ሕፃን ላይ ሕጉ ሌላ ነው። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ሳለ አንጀቱ ዞሮ በቦታው ይቀመጣል፤ ይህ እስከ አሥረኛው ሳምንት ግድም ይጠናቀቃል። በአንዳንድ ሕፃናት ዙሩ ሳይሞላ ይቀራል። ያን ጊዜ ትንሹ አንጀት በሙሉ በአንዲት ጠባብ ሥር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የደም ሥሩም በዚያች ሥር ያልፋል። አንድ ቀን ታጥቦ እንደሚጨመቅ ነጠላ ይጠመዘዛል። መተላለፊያው ይዘጋል፣ ከሐሞቱ መግቢያ በታች ስለሆነም የሚመለሰው አረንጓዴ ይሆናል። ደሙም ይቋረጣል፣ አንጀቱም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። አብዛኛው ይህ የሚደርሰው በሕይወት የመጀመሪያ ወር ነው።

አስቸጋሪው ነገር በመጀመሪያው ሰዓት ሕፃኑ ደህና መምሰሉ ነው። ሆዱ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፣ ሰገራም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ሲጠነክር፣ ሰገራው ደም ሲቀላቅል፣ ቆዳው ሲገረጣ ዘግይቷል። በዚህ መካከል ቤት ውስጥ ምክር ይበዛል፦ ቅቤ ይዋጥ፣ ስኳር ውሃ ይሰጠው፣ እንጥሉ ወርዶ ነው ይቆረጥ። እንጥል ማስቆረጥ መድማትና ኢንፌክሽን ከማምጣቱም በላይ፣ አንጀቱ የሚድንበትን ሰዓት ይበላል።

መልኩን መለየት ያስፈልጋል። የእናት እንገር ቢጫ ስለሆነ ሕፃን ሲያስመልሰው ቢጫ መሆኑ የተለመደ ነው። ነጭ፣ የረጋ ወተት እንደ ቧንቧ ተወርውሮ የሚወጣ፣ በሁለተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል የሚጀምር ከሆነ የጨጓራ መውጫ መጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ሐሞት የሌለው መሆኑ መዝጊያው ከሐሞቱ መግቢያ በላይ መሆኑን ያሳያል። እሱም ቀዶ ሕክምና ይሻል፣ ግን አንጀት አይሞትበትም። የተቀቀለ ጎመን የሚመስል አረንጓዴ ግን ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ መጠምዘዝ ይቆጠራል። አረንጓዴ ያስመለሰ ሕፃን ሁሉ አንጀቱ ተጠምዟል ማለት አይደለም፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በዓይን መለየት ስለማይቻል ግን ምርመራው አይታለፍም።

ሆስፒታል ውስጥ መጥባት ይቆማል፣ በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይራገፋል፣ ፈሳሽ ይጀመራል፣ በአፍ ወይም በቱቦ በሚሰጥ ቀለም ራጅ ይነሣል ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። ቀዶ ሕክምናው በቦስተን ሐኪም በዊሊያም ላድ ስም ይጠራል፤ እሱ በ1930ዎቹ የቀየሰው ነው። መጠምዘዙ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ ሐኪሙ በተቃራኒው ይፈታዋል፣ ተጣብቀው የያዙትን ጅማቶች ይቆርጣል፣ ትንሹን አንጀት በቀኝ፣ ትልቁን በግራ አስቀምጦ ይዘጋል። በጊዜ ከተደረሰ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል።

እስኪደረስ ድረስ

ደም ወይም አተላ መሳይ ነገር ያስመለሰን ሰው በጎኑ አስተኙት፤ በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተት፣ ለስላሳ፣ ፌጦ፣ ምንም ነገር በአፉ አይግባ፤ ጨጓራው ባዶ መሆኑ ለኢንዶስኮፒውም ለማደንዘዣውም ይጠቅማል። ማስታገሻ አትስጡት። ቀይ ደም ካለ ወይም ሰውየው መቆም ካቃተው በራሱ እግር አይሂድ፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አራስን በእናቱ ደረት ላይ አሙቁት፣ አታጥቡት፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።

ትውከቱን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ የሕፃኑን የነካውን ጨርቅ ሳይታጠብ ይዛችሁ ሂዱ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ሁሉ፣ ያለ ትእዛዝ የተገዛውንም፣ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። በር ላይ የሚቀበላችሁ ሰው ተጨናንቆ ይሆናል፤ ስለዚህ «ያስመልሰዋል» ብላችሁ ወረፋ አትያዙ። «የቡና አተላ የመሰለ አንድ ኩባያ አስመለሰ፣ ሰገራው ጠቁሯል፣ ሲቆም ይዞረዋል» በሉ፤ ወይም «የአምስት ቀን ሕፃን ነው፣ አረንጓዴ አስመለሰ»። እንዲህ የተነገረውን ሰው ወረፋ ላይ የሚያቆይ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያ አይኖርም።